ከ«ይሁን እንጂ» በኋላ የሚጻፍ መልስ

ኢሜይሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይገባል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምስጋና ነው። ሁለተኛው «ይሁን እንጂ» ብሎ ይጀምራል፤ «ይሁን እንጂ»ን ያየ አመልካች ደግሞ የቀረው ምን እንደሚል ለማወቅ ማንበብ አያስፈልገውም። መጨረሻው ላይ ግን አንዲት መስመር አለች፦ «ማስረጃዎን ለወደፊቱ በፋይላችን እንይዛለን።» ብዙ ሰው ይህችን መስመር እንደ ማባበያ ቆጥሮ ስልኩን ኪሱ ይከታል።

ማባበያ የምትሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ቃለ መጠይቅ ድረስ የደረሰ አመልካች ከዚያ ኢሜይል ጀርባ ስሙን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች አሉት። ነጥብ ሰጥተውታል፣ ስለ እሱ ተነጋግረዋል፣ ምናልባትም ሁለተኛ አድርገውታል። ከእነዚህ ሰዎች ሁለት ነገር ማግኘት ይቻላል፤ የት ላይ እንደ ደከመ ማወቅና ቦታው እንደገና ሲከፈት መታወስ። ሁለቱም የሚጠየቁት በአንድ አጭር ደብዳቤ ነው። ችግሩ አንደኛው ጥያቄ በአጉል አኳኋን ከቀረበ ሌላውን ይዞት መውደቁ ነው።

ለማሳያ አንዲት የሂሳብ ባለሙያ እናስብ። ስምንት ዓመት ሠርታለች። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኤንጂኦ ለሲኒየር ፋይናንስ ኦፊሰርነት አመለከተች፣ የጽሑፍ ፈተና ወሰደች፣ ሦስት ሰዎች ፊት ቀርባ ተጠየቀች፣ ከሦስት ሳምንት ዝምታ በኋላ ያ ኢሜይል መጣላት። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ላፕቶፗን ከፍታ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ለሥራው የተጠየቀውን መስፈርት ሁሉ አሟልቼ ሳለ ያልተመረጥኩበት ምክንያት በዝርዝር እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። የተመረጠው ሰው ከእኔ በምን እንደሚበልጥ የማወቅ መብት አለኝ።»

አንድም ስድብ የለበትም። ንዴቱም ቢሆን የሚገባ ነው። ነገር ግን ይህ ደብዳቤ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ያለችው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ «አስተያየት ስጡኝ» የሚል ጥያቄ መሆኑ ይቀርና ቅሬታ ይሆናል። ቅሬታ ደግሞ መልስ የሚሰጠው በጥንቃቄ ነው፤ ወደ ኃላፊ ይመራል፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ በመጨረሻም ከመጀመሪያው የባሰ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል። ውድድሩ በእርግጥ ተጭበርብሯል ብሎ የሚያምን ሰው ቅሬታውን በቅሬታ መንገድ ያቅርብ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የሚጠይቀውም ማስረጃ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ኢሜይል መቀላቀል ግን አንዱንም አያስገኝም።

ቀጣሪዎች ምክንያት ለመናገር ለምን እንደሚፈሩ ከሚያሳዩ ጉዳዮች አንዱ ጀርመን አገር የተከሰተ ነው። አንዲት የሩሲያ ተወላጅ የሲስተም መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 ልምድ ያለው የሶፍትዌር ባለሙያ ለሚፈልግ ኩባንያ አመለከተች። ከጥቂት ቀናት በኋላ «አልተቀበልንዎትም» ተባለች። ኩባንያው ተመሳሳይ ማስታወቂያ እንደገና አወጣ፤ እንደገና አመለከተች፤ ሁለተኛም ለቃለ መጠይቅ ሳትጠራ፣ ምክንያትም ሳይነገራት ተመለሰች። በፆታዬ፣ በዕድሜዬና በትውልዴ ነው ብላ ከሰሰች፤ የተቀጠረውን ሰው ማስረጃም እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ በሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2012 ውሳኔ አገኘ። ውሳኔው ሁለት ፊት አለው። ያልተመረጠ አመልካች ማን እንደ ተቀጠረና በምን መስፈርት እንደ ተቀጠረ የማወቅ መብት የለውም፤ ነገር ግን ቀጣሪው ምንም መረጃ አልሰጥም ማለቱ መድልዎ መኖሩን ለመገመት ከሚያግዙ ነገሮች እንደ አንዱ ሊቆጠር ይችላል።

እንግዲህ የኩባንያውን ጠበቃ ቦታ ይዞ ማሰብ ነው። ብዙ ከተናገሩ የተናገሩት ቃል ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ምንም ካልተናገሩም ዝምታው ሊጠቀስባቸው ይችላል። መውጫው ማንንም የማያስከፋ፣ ምንም የማይናገር፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ደብዳቤ ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በትውልድ አገር በቅጥር ላይ መድልዎ መፈጸም በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ትልልቅ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የሚሰጡት መመሪያ ያው ነው፤ ምክንያት አትጻፉ።

አዲስ አበባ ላይ ፍርሃቱ ከፍርድ ቤት ይልቅ ከሰው ነው። የሰው ኃይል ባለሙያዋ ዛሬ «የኤክሴል ችሎታዎ አነስተኛ ስለሆነ» ብላ ብትጽፍ ነገ ያ ኢሜይል ተፎርዋርዶ፣ ታትሞ፣ የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ «የእኔን ከእሱ ጋር አስተያዩልኝ» ከሚል ማመልከቻ ጋር ተያይዞ ልታገኘው እንደምትችል ታውቃለች። እዚህ ላይ ባለሙያዋን መውቀስ ይከብዳል።

ስለዚህ ጥያቄው ሳያስፈራ ሊመለስ የሚችል መሆን አለበት። «ለምን አልተመረጥኩም?» የሚለው ወደ ኋላ የሚያይ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የግድ ሌላ ሰውን ይነካል። «ለሚቀጥለው ምን ላጠንክር?» የሚለው ግን ስለ ጠያቂዋ ብቻ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ሥርዓት ባለው ቃለ መጠይቅ እያንዳንዱ ጠያቂ የነጥብ መስጫ ወረቀት ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ነጥብ ይሞላል፣ ከጎኑም አንድ ሁለት ቃል ይጭራል። ባለሙያዋ አዲስ ነገር ማሰብ አይጠበቅባትም። ወረቀቱን አይታ ዝቅተኛው ነጥብ የት እንዳለ መናገር ብቻ ነው የሚቀራት።

የሂሳብ ባለሙያዋ የሌሊቱን ረቂቅ ሳትልከው አደረች እንበል። ዓርብ ጠዋት ቡናዋን ጠጥታ የጻፈችው ይህ ነው፦

«ክብርት ወ/ሮ እገሌ፣ ትናንት ስለላኩልኝ መልስ አመሰግናለሁ። ውጤቱ የጠበቅኩት ባይሆንም በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ፕሮጀክት በጀት ክለሳ የተነጋገርንበት ክፍል ብዙ አስተምሮኛል። ጊዜ ካገኙ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለእንዲህ ያለ ቦታ እንደገና ስወዳደር ከጽሑፍ ፈተናውና ከቃለ መጠይቁ የትኛው ላይ ይበልጥ ብሠራ ይጠቅመኛል? ሁለት መስመር ይበቃኛል፤ የማይመች ከሆነም እረዳለሁ። በፋይናንስ ወይም በግራንት ክፍል ተመሳሳይ ቦታ ሲከፈት መወዳደር እፈልጋለሁ፤ ማስረጃዬን ይዘው እንዲቆዩም ፈቃዴ ነው። ከሰላምታ ጋር።»

በዚህች ደብዳቤ ውስጥ ያለ ቦታው የገባ ነገር የለም። ስለ በጀት ክለሳ የጠቀሰችው ባለሙያዋ የትኛዋ አመልካች እንደሆነች ወዲያው እንድታስታውስ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ያነጋገረ ፊትና ስም ይምታታበታል። ጥያቄው ምርጫ የያዘ ነው፤ «የጽሑፍ ፈተናው ላይ» ብሎ መመለስ ማንንም አያስከስስም፣ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። «የማይመች ከሆነም እረዳለሁ» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ የድርጅቱ ደንብ መልስ መስጠትን ቢከለክል እንኳ ባለሙያዋ ሳታፍር «ይቅርታ፣ አሠራራችን አይፈቅድም» ብላ እንድትጽፍ በር ትከፍትላታለች። ዝም ከመባል ይህ ይሻላል።

«በፋይናንስ ወይም በግራንት ክፍል» ማለቷም በከንቱ አይደለም። ብዙ አመልካች እዚህ ላይ «ማንኛውንም የተገኘ ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ይላል። ትህትና መስሎት ነው፤ አንባቢዋ ጋ ሲደርስ ግን የት እንደሚመደብ የማይታወቅ ሰው ይሆናል። ትህትናን በተመለከተ አማርኛችን ራሱ ያሳስታል። ደጅ ጥናት የለመደ ቋንቋ ስለሆነ «በታላቅ ትህትና»፣ «ከእግርዎ ሥር» እና «የሚወዱት አምላክ» ሳይገቡ ማመልከቻ ያልተሟላ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለአንዲት ሥራዋን ለምትሠራ ባለሙያ የሚጻፍ ኢሜይል ላይ «ክብርት» እና «እርስዎ» ይበቃሉ። ድርጅቱ ሲጻጻፍ የኖረው በእንግሊዝኛ ከሆነ መልሱም በእንግሊዝኛ ይሁን።

ደብዳቤው የት እንደሚላክ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ብዙ መልስ ግን እዚህ ላይ ይጠፋል። የትልልቅ ድርጅቶች የእንቢታ ኢሜይል ከማመልከቻ መቀበያ ሥርዓት በቀጥታ የሚወጣ ነው፤ የላኪው አድራሻ noreply ብሎ ከጀመረ የሚጻፈውን የሚያነብ ሰው የለም። ያኔ ወደ ኋላ ሄዶ ለቃለ መጠይቅ የጠራውን ኢሜይል መፈለግ ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው የተላከ ነው። መልሱንም እዚያው ኢሜይል ላይ፣ ርዕሱን ሳይቀይሩ መጻፍ ይሻላል፤ ባለሙያዋ ወደ ታች ስትወርድ የሥራውን ስም፣ የቃለ መጠይቁን ቀንና ቀድሞ የተጻፈውን ሁሉ አንድ ላይ ታገኛለች። በቴሌግራም ማሳደድ፣ ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ ማድረግ፣ ከጠያቂዎቹ አንዱን በዘመድ በኩል ማስጠየቅ ሦስቱም ደብዳቤውን ወደ ቅሬታነት ይመልሱታል።

ቃለ መጠይቅ ያልደረሰ አመልካችስ? እዚያ ላይ ግብረ መልስ መጠየቅ እምብዛም አያዋጣም። በመቶ ከሚቆጠር ማመልከቻ መካከል በሲቪው ብቻ የወደቀ ሰው የነጥብ ወረቀት የለውም፤ ምናልባት ፋይሉን ያየው ሰው ያጠፋበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። መልስ ቢመጣ እንኳ «ከእርስዎ የተሻለ ልምድ ያላቸው አመልካቾች ስለነበሩ» ከሚለው አይዘልም። ማስታወቂያውን ከሲቪው ጎን አስቀምጦ መስፈርቱን አንድ በአንድ ማስተያየት የተሻለ ያስተምራል። አገራችን ውስጥ ደግሞ ከዚያ በፊት ያለ ችግር አለ፤ «የምናነጋግረው የተመረጡትን ብቻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ያወጣ ድርጅት የእንቢታ ኢሜይሉንም አይልክም፤ የሚመለስበት ነገር የለም።

አንድ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለሾፌርነት፣ ለቤት ለቤት የጤና እንክብካቤም ሆነ ለባንክ ሥራ ሲያመለክቱ ባክግራውንድ ቼክ ይደረግባቸዋል። ቀጣሪው ከሌላ ድርጅት ባስመጣው በዚያ ሪፖርት ምክንያት ሊከለክላቸው ካሰበ አስቀድሞ የሪፖርቱን ቅጂና የመብቶቻቸውን ማጠቃለያ መስጠት የፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ትሁት ጥያቄ አያስፈልግም። ሪፖርቱን ማንበብ፣ የሌላ ሰው ስም ወይም የተዘጋ ክስ በስህተት ገብቶ እንደሆነ መመርመር፣ ከተገኘም ሪፖርቱን ላዘጋጀው ድርጅት በጽሑፍ መቃወም ነው፤ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ እንደገና ማጣራት አለበት። ለቀጣሪውም ስህተቱን እየተቃወሙ መሆኑን በዚያው ቀን ማሳወቅ ይገባል፤ ቦታው ለሌላ እስኪሰጥ ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ወደ ሂሳብ ባለሙያዋ እንመለስ። በሚቀጥለው ረቡዕ መልስ መጣላት ብንል፣ እንዲህ ያለ ይሆናል፦ «ቃለ መጠይቁ ጥሩ ነበር። በጽሑፍ ፈተናው የባንክ ሒሳብ ማስታረቁ ትክክል ነው፤ የለጋሽ ሪፖርት ጥያቄው ግን አልተጠናቀቀም።» ሁለት መስመር ነው፤ ነገር ግን በሙሉ የሚጠቅም ነው። ስታስታውስ ማስታረቁ ላይ ሰላሳ ብር ልዩነት ሆኖባት እሱን ስትፈልግ ሰዓቱ አልቋል። የጎደላት ዕውቀት ሳይሆን የሰዓት አከፋፈል ነበር። «በአጠቃላይ ውድድሩ ጠንካራ ነበር» የሚል መልስ ቢመጣ ግን ከእሱ የሚወጣ ትምህርት የለም፤ ትርጉም ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

ፈተናው ከዚህ በኋላ ነው። እጇ «ጊዜው አነሰኝ እንጂ የለጋሽ ሪፖርትማ በየሩብ ዓመቱ የምሠራው ነው» ብሎ ሊጽፍ ይቃጣዋል። እውነት ነው። ከላከችው ግን ባለሙያዋ ለሚቀጥለው ሰው መልስ መስጠቷን ታቆማለች። «አመሰግናለሁ፤ በጣም ጠቅሞኛል» ብቻ ይበቃል።

ቀሪው የመታወስ ጉዳይ ነው። «በፋይላችን እንይዛለን» የሚለው ቃል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ከአገር አገር ይለያያል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤት ሲለጠፍ ከአላፊው ሥር «ተጠባባቂ» ተብሎ የሚጻፍ ስም አለ፤ ያ ግልጽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ ለቦታው ብቁ ሆነው ያልተመረጡ ዕጩዎችን ሮስተር በሚባል ዝርዝር ይይዛል፤ እዚህ አዲስ አበባ የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ውስጥ ለመቀጠር ሲወዳደር የነበረ ሰው ሮስተር ውስጥ መግባቱ ከተነገረው ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ሥራ እስኪያንኳኳ መጠበቅ ሳይሆን አዲስ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ማመልከት ይኖርበታል። በግል ድርጅቶች ቀጣሪዎች ሁለተኛ የወጣውን ዕጩ በራሳቸው ቋንቋ «የብር ሜዳሊያ ያገኘ» ይሉታል፤ ጥሩ አሠራር ያላቸው ፋይሉ ላይ ምልክት ያደርጉበታል፣ የሌላቸው ይረሱታል።

አውሮፓ ላይ ደግሞ መረጃው በሕግ ይጠፋል። ጀርመን ውስጥ በቅጥር ላይ መድልዎ ደረሰብኝ የሚል አመልካች የእንቢታው መልስ በደረሰው በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ኩባንያዎችም ለመከላከያ ያህል ማስረጃውን ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይዘው ከዚያ ይሰርዙታል። ከዚያ በላይ ለማቆየት የአመልካቹ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ያለ አመልካች «ማስረጃዬን እንድትይዙ ፈቃዴ ነው» የምትለውን መስመር ካልጻፈ ወይም የላኩለትን የፈቃድ ማስፈንጠሪያ ካልተጫነ፣ መስከረም ላይ ሁለተኛ የወጣበት ድርጅት የሚቀጥለው መስከረም ላይ ስሙን አያገኘውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ልብ የሚባለው ቁጥር ሌላ ነው፤ 60። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ በቀድሞው አዋጅ 45 ቀን ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ተስማሚ አይደለም ያለውን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። አንደኛ የወጣው ሰው በዚህ መካከል ቢለቅ ድርጅቱ አንድ ምርጫ አለው፤ ማስታወቂያ አውጥቶ ሁለት ወር መድከም፣ ወይም ሁለተኛዋን መጥራት።

ቀኑን እንቁጠረው። የተመረጠው ሰው ከሚሠራበት ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ከዚያ 60 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ቢሮ 12 ሳምንት፣ ስድስት ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ነው፣ በዓላት ሲገቡ ደግሞ ትንሽ ይገፋል። ከእንቢታው ኢሜይል አንስቶ አራት ወር ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ የሁለተኛዋ ደብዳቤ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ «ምን ደረሰ?» እያሉ መነዝነዝ አይደለም። ሦስተኛው ወር አካባቢ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ያቺ ደብዳቤ አዲስ ነገር ይዛ መሄድ አለባት፤ «እንዳልረሳ ብዬ ነው» ብቻ ከሆነች ለባለሙያዋ የምትሠራበት ነገር አትሰጣትም። የእኛ የሂሳብ ባለሙያ በእነዚህ ሦስት ወራት ሁለት የለጋሽ ሪፖርቶችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሷ አዘጋጅታ ኦዲት አልፈውላታል እንበል። በዚያው በድሮው ኢሜይል ላይ እንዲህ ትጽፋለች፦ «በሰጡኝ አስተያየት መሠረት በለጋሽ ሪፖርት ላይ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ ሁለቱ ኦዲት ተደርገዋል። የታደሰ ሲቪዬን አያይዣለሁ። በፋይናንስ ወይም በግራንት ክፍል ክፍት ቦታ ካለ ለመወዳደር ዝግጁ ነኝ።» ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ከወጣ፣ ፋይሌ አላቸው ብላ ሳትቀመጥ እንደማንኛውም አመልካች በመደበኛው መንገድ ታመለክታለች፤ ማመልከቷንም በአንድ መስመር ለባለሙያዋ ታሳውቃለች፤ ምክንያቱም ድሮ የተሰጣት ነጥብ አዲሱ ውድድር ውስጥ በራሱ አይገባም።

የሚያያዘው ፋይል ስምም ሊታይ ይገባዋል። የባለሙያዋ ኮምፒዩተር ውስጥ CV.pdf እና CV final 2.pdf የሚባሉ ፋይሎች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ከአራት ወር በኋላ፣ አንደኛው ሰው በለቀቀ ማግስት ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጁ «ያቺ ሁለተኛ የወጣችው ማን ነበረች?» ሲላት የምትፈልገው ስምና የሥራ መደቡ የተጻፈበትን ነው።